ሦስተኛ ፎቅ በስተግራ፤ አዲሷ ተከራይ ነኝ

(ባለፈው እሁድ ድሬዳዋ፣ በብሎካችን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። አንዷ ጎረቤቴ በስልኳ ቀድታው ስለነበር ከዚያ ላይ ገለበጥኩት። ስሜን፣ የቤት ቁጥሬንና ስልኬን ብቻ አስቀርቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ ጎረቤቶቼ! አሰላሙ አለይኩም። አካም ኦልታን። ነበድ። ሶማልኛዬ እዚህ ላይ አለቀ፤ ከዚህ በላይ ብትመልሱልኝ እጠፋለሁ።

ሐጂ፣ እማማ፣ ከኋላ የቆማችሁም ልጆች፣ እባካችሁ ቁጭ በሉ። ብዙ አላስቆያችሁም።

ጋሽ ሰብሳቢ ናቸው ተነሺ ያሉኝ። «ደረጃው ላይ የለጠፍሽውን ወረቀት አንብቢልን፣ ለምን እንደዚያ እንደጻፍሽውም ንገሪን» አሉኝ። በሚቀጥለው ወር ሌሎች አዲስ ተከራዮች ይገባሉ አይደል? እነሱም እንዲህ ያለ ነገር ጽፈው ይግቡ ነው ነገሩ። እኔ ደግሞ ተናገሪ ካሉኝ እናገራለሁ፤ የደብረ ብርሃን ሰው ዝምተኛ ነው ያላችሁ ማነው?

እንግዲህ ወረቀቷ ይቺ ናት። አጭር ናት፣ ላንብባት።

«ሰላም ጎረቤቶች። እኔ እገሊት እባላለሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ያለው ቤት ገብተናል። የምኖረው ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ የሌሊት ተረኛ የምሆንበት ጊዜ ስላለ ቀን ተኝቼ ልታገኙኝ ትችላላችሁ። እህቴ ልብስ ትሰፋለች፤ መኪናው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አይሠራም። ድምፁ ከረበሻችሁ ንገሩን፣ አንቀየምም። ደም ግፊት መለካት የሚፈልግ ከአሥር ሰዓት በኋላ ያንኳኳ። መርፌ ግን ቤት ውስጥ አልወጋም። ኮሪደር ላይ ያለውን በርሜላችንን ከድነነዋል፤ የእናንተም ቢከደን ደስ ይለናል። ስልኬ ይኸው። ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት ተኩል ጀምሮ በረንዳችን ላይ ቡና አለ፣ ሁላችሁም ኑ።»

አለቀ። ከሥር ኦሮምኛውንና ሶማልኛውን አንደኛ ፎቅ ያሉት ተማሪዎች ጽፈውልኛል። እጃቸው ይባረክ።

አሁን ሦስት ነገር ልበል። አንደኛው፣ ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚገባና ምን እንደማይገባ። ሁለተኛው፣ ስለ መርፌው፤ ምክንያቱም አንዳንዶቻችሁ ኮስተር ብላችሁብኛል። ሦስተኛው የበርሜሉ ጉዳይ ነው፣ እሱ ትንሽ ይረዝማል።

አንደኛውን ልጀምር። አዲስ ሰው ሲገባ ጎረቤት ማወቅ የሚፈልገው ምንድን ነው? የትምህርት ደረጃዬን ነው? የአባቴን አገር ነው? አይደለም። እሱ ቡና ላይ ይወራል። ጎረቤት ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ይቺ ሴትዮ መግባቷ የእኔን ኑሮ ምኑን ይለውጠዋል? ማታ ድምፅ አለ ወይ? ሌሊት ደረጃ ላይ ኮቴ ብሰማ ሌባ ነው ወይስ እሷ ናት? ቧንቧ ቢፈነዳና ውሃው በኮርኒሴ ቢወርድ ማንን ልደውል? ወረቀቱ እነዚህን ከመለሰ ይበቃል።

ስፌት መኪናውን እንደ ምሳሌ ውሰዱት። ስንገባ መጀመሪያ ያንኳኳሁት የጎን ጎረቤቴን በር አልነበረም፤ ከሥራችን ያሉትን የሁለተኛ ፎቋን እናት ነው። ለምን? የስፌት መኪና ድምፅ በግድግዳ ከሚሄደው ይልቅ በወለሉ የሚወርደው ይብሳል። የመኪናው እግር ሲሚንቶውን ይመታል፣ ሲሚንቶው ደግሞ ንዝረቱን ለታች ቤት ኮርኒስ ያቀብላል። ጎን ያለው ሰው ምንም ሳይሰማ ከሥር ያለው ራሱን ይታመማል። ስለዚህ እህቴ ላይ ሆና ስትሰፋ እኔ ታች ወርጄ እማማ ሳሎን ቁጭ አልኩ። ወላሂ ብርጭቆው ቁምሳጥን ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር! ከዚያ ከጎሚስታ ቤት አሮጌ ካላማዳሪ አምጥተን፣ ቆርጠን፣ ደራርበን ከአራቱም እግር ሥር አደረግን። መኪናውንም ከግድግዳው አራቅነው። እንደገና ወርጄ ሰማሁ። ድምፁ ጨርሶ አልጠፋም፣ ግን ብርጭቆው ተወ። እማማ «አሁን ይሁን፣ ግን ከእራት በኋላ ተዉኝ» አሉ። «ከሁለት ሰዓት በኋላ አይሠራም» የሚለው ከዚያ የመጣ ነው። እኔ ከራሴ ያወጣሁት ሰዓት አይደለም።

ለአዲስ ገቢዎቹም ንገሩልኝ፤ ድምፅ ያለው ሥራ ካላችሁ ወረቀት ከመለጠፋችሁ በፊት ከሥራችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው የተስማማችሁበት ይሁን።

የማይገባውስ? የማይገባው ቤት ባዶ የሚሆንበት ሰዓት ነው። አስተውላችሁ ከሆነ «የሌሊት ተረኛ የምሆንበት ጊዜ አለ» አልኩ እንጂ የትኛው ሌሊት እንደሆነ አልጻፍኩም። ደረጃችን ላይ የሚያልፈው እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ዕቃ የሚያደርስ አለ፣ ቆጣሪ የሚያነብ አለ፣ ቤት የሚፈልግ ደላላ አለ። የተረኛ ቀኔን ለጎን ጎረቤቴና ለጥበቃችን በቃል ነግሬያለሁ፣ ያ ይበቃል። የሚለጠፍና የሚነገር ይለያል። ስም፣ ፎቅ፣ ስልክ፣ ቡና ይለጠፋል። መግቢያና መውጫ ሰዓት በር ላይ ቆሞ ይነገራል።

ደግሞ በር የሚንኳኳበትም ሰዓት አለው አቦ! እኔ ከደጋ ነው የመጣሁት። እኛ ጋ ከምሳ በኋላ እንግዳ ይመጣል። እዚህ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ሰው ቤት ሄዳችሁ አታንኳኩ። ድሬ ያን ጊዜ ጥቅልል ብላ ጋደም ብላለች። የሚመቸው አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ነው፣ አየሩ ረገብ ሲል፣ ከአሱር በኋላ ከመግሪብ በፊት። አርብ ቀትር ደግሞ ጁምዓ አለ።

ቡናውንም ላንሳ፣ እሱም የወረቀቱ አካል ነው። ለመጀመሪያ ቡና ምን ይቀርባል? እህቴ ቋንጣ ፍርፍር እናቅርብ ብላ ነበር። በአንድ ብሎክ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፤ የአንዱን እርድ ሌላው አይበላም። ሥጋ ካቀረብኩ ግማሹን እንግዳ በገዛ ቤቴ አሳፍሬ ልሸኝ ነው። ቅቤውስ? ቀኑ ረቡዕ ወይም አርብ ቢሆን ጿሚው ይቸገራል። ስለዚህ ፈንዲሻ፣ በዘይት የተለወሰ ዳቦ፣ ተምርና ማንጎ። ማንም «ይሄን አልበላም» ሳይል ሁሉም እጁን ሰደደ። አንዷ እናት ቁጢ በፔርሙስ ይዘው መጡ፣ እኔ የቡና ቅጠል እንደሚፈላ እንኳ አይቼ አላውቅም ነበር። አሁን ከቡናው እሱን እያስበለጥኩ ነው፣ ለደብረ ብርሃን ሰው እንዳትነግሩብኝ።

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው። መርፌው።

አንዳንዶቻችሁ «ገና ሳትገባ አልወጋም ትላለች» ብላችሁኛል፣ ሰምቻለሁ። ልክ ናችሁ፣ ለመጀመሪያ ሰላምታ ደረቅ ይመስላል። ግን ለምን እንደጻፍኩት ላስረዳ።

ቀድሞ በነበርኩበት ከተማ፣ አንድ ማታ አንዲት ጎረቤቴ ብልቃጥና ሲሪንጅ ይዘው መጡ። ለባለቤታቸው ታዞ ነው አሉ፤ ጤና ጣቢያ ድረስ በየቀኑ ከሚመላለሱ እኔ እንድወጋላቸው። አልወጋሁም። እሳቸው ግን የሰሙት «የእርስዎን ባለቤት አልወጋም» የሚል ነው። ተቀየሙ። ከዚያ ወዲያ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ለሌላው ሁሉ የምለውን ነበር ያልኳቸው፣ ግን ለሌላው ስል አልሰሙኝማ! አስቀድሜ ለሁሉም ጽፌው ቢሆን ኖሮ ለእሳቸው ብቻ የተባለ አይሆንም ነበር። ለዚህ ነው እምቢታዬን ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ለሁላችሁም እኩል፣ በመጀመሪያው ቀን የለጠፍኩት።

ለምን አልወጋም ለሚለው ደግሞ፣ ስንፍና አይደለም። አንዳንድ ሰው መድኃኒት አይስማማውም። እንደ ፔኒሲሊን ያለ መርፌ ተወግቶ በደቂቃዎች ውስጥ ጉሮሮው ሊያብጥ፣ ትንፋሽ ሊያጥረው፣ ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ሰውየውን የሚያተርፈው አድሬናሊን ነው፣ ወዲያውኑ። ጤና ጣቢያ አለ። እኔ ሳሎን ውስጥ የለም። ስፌት መኪና ነው ያለው።

ግፊት ግን ኑ፣ በደስታ እለካለሁ። አንድ ነገር ብቻ። ቅዳሜ ለት ሦስት እናቶች ቡና ላይ «እስኪ ለኪን» አሉኝ፣ እኔም በኋላ አልኩ። ቡና ጠጥታችሁ ወዲያው አትለኩ፣ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥታችሁ እያለከለካችሁ ብለካችሁ ደግሞ የማገኘው የደረጃውን ግፊት ነው። አምስት ደቂቃ ቁጭ ትላላችሁ፣ ጀርባ ተደግፋችሁ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ እጅ በልብ ልክ ጠረጴዛ ላይ። ወሬም የለም። ይሄ የመጨረሻው ለአንዳንዶቻችሁ ከባድ እንደሆነ አይቻለሁ።

ሦስተኛው። በርሜሉ።

እኔ በመጀመሪያ ወረቀት ላይ ልመና መብዛት የለበትም ባይ ነኝ። «ደረጃ ጥረጉ፣ ጫማ አታስቀምጡ፣ በር አታጋጩ» ብሎ የገባ ሰው ሰላምታ አላቀረበም፣ መመሪያ ነው ያወጣው። ልመና ካለ አንድ ብቻ ይሁን፣ እሱንም ለማኙ በራሱ ቤት ጀምሮት ይሁን። እኔ አንዷን ልመናዬን በርሜል ላይ አዋልኳት። ለምን ይመስላችኋል?

ብሎካችን ውሃ በተራ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ሁሉም ያጠራቅማል። ኮሪደር ላይ በርሜል፣ ሻወር ቤት ጀሪካን፣ ጣሪያ ላይ ሮቶ። ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ውሃ ሳያጠራቅሙ እንዴት ይኖራል? ግን የቆመ ንጹሕ ውሃ የምትወድ አንዲት ትንኝ አለች። ጥቁር ናት፣ እግሯ ላይ ነጭ ነጭ ቀለበት አላት። የወባዋ ትንኝ አይደለችም። የወባዋ ማታ ትነክሳለች፣ ይቺ ቀን ነው። በተለይ ጠዋትና አመሻሽ ላይ። ረግረግ አትፈልግም፣ የእናንተ በርሜል ይበቃታል።

ይቺ ትንኝ ናት ደንጊንና ቺኩንጉኒያን የምታመጣው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደንጊ ድሬ ሲገባ እዚህ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። በ2011 ክረምት መጨረሻ ደግሞ ቺኩንጉኒያው መጣ፣ ብዙ ሺህ ሰው ነው የታመመው። እማማ ነግረውኛል፤ ጎረምሳው ሁሉ መገጣጠሚያው ተይዞ እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ይሄድ ነበር አሉ። አይደል እማማ? «ሽንት ቤት ለመቀመጥ ሰው ይደግፈኝ ነበር» ነው ያሉኝ።

እንግዲህ እኔን እዩኝ። ሌሊት ሠርቼ ጠዋት እገባለሁ። ከሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ እተኛለሁ። በዚህ ሙቀት በር ዘግቶ የሚተኛ የለም፣ ነፋስ እንዲገባ ከፍቼ ነው የምተኛው። ቀን የምትነክስ ትንኝ፣ ቀን የምትተኛ ሴት። ተገናኘን ማለት ነው! አጎበር እዘረጋለሁ፣ ግን ክንዴ አጎበሩን ተደግፎ ከቆየ በላዩ ላይ ትነክሰኛለች። ስለዚህ ልመናው ለራሴ ነው፣ አላስመስልም። ሕፃናት ያላችሁ ደግሞ እነሱም ቀን ይተኛሉ።

ለምን የእኔን ብቻ ከድኜ አልቀመጥም? ምክንያቱም ይቺ ትንኝ ሩቅ አትሄድም። ብዙውን ጊዜ ከተፈለፈለችበት ቤት ዙሪያ፣ ቢበዛ ጥቂት መቶ ሜትር ነው። ይሄ ጥሩም መጥፎም ዜና ነው። መጥፎው፣ የነከሰችኝ ከዚሁ ብሎክ ናት ማለት ነው። ጥሩው፣ ይሄ ብሎክ ከከደነ በደንብ ትቀንሳለች።

አከዳደኑንም ላሳያችሁ። ባለፈው ሳምንት ከሁለተኛ ፎቅ ልጆች ጋር አንድ በርሜል አየን፣ የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ባለቤቱ እዚህ አሉ። ባትሪ አበራንበት። ውሃው ኩልል ያለ ነው፣ ምንም የለበትም ያስብላል። ትንሽ ስንቆይ ግን ከላይ ተንጠልጥለው የነበሩ ቀጫጭን ነገሮች እየተጥመለመሉ ወደ ታች ወረዱ። ልጆቹ «ትል! ትል!» ብለው ጮኹ። የትንኝ እጭ ነው። ብርሃንና ጥላ ሲያይ ይጠልቃል፣ ለመተንፈስ መልሶ ይወጣል። እንደዚያ ካያችሁ አለባችሁ።

ውሃውን ደፋን። ግን መድፋት ብቻውን አይበቃም፣ ይሄን በደንብ ስሙኝ። እንቁላሏን የምትጥለው ውሃው ላይ አይደለም፣ ከውሃው ጠርዝ ከፍ ብሎ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ታጣብቀዋለች። በዓይን ጥቁር አቧራ ነው የሚመስለው። ደርቆ ወራት መቆየት ይችላል። ባዶ በርሜል ብታቆዩና መልሳችሁ ብትሞሉት ውሃው ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ በብሩሽ ወይም በሽቦ ግድግዳውን መፈግፈግ ነው፣ የውሃው ጠርዝ የነበረበትን በተለይ። በሳምንት አንዴ። ሳምንት ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም፤ እንደዚህ ባለ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ምትበር ትንኝ ከሳምንት ትንሽ ቢበልጥ ነው። በየሳምንቱ ከፈገፈጋችሁ ክንፍ ሳታወጣ ትቀድሟታላችሁ።

ክዳን የሌለው በርሜል ያለው ደግሞ አዲስ አይግዛ። እህቴ ከስፌት የተረፈ ስስ ጨርቅ አላት፣ በየበርሜሉ ልክ ጠርዙ ላስቲክ የገባበት እየሰፋች ትሰጣችኋለች። በነፃ ነው። ጨርቁ ግን ወጠር ማለት አለበት፤ ከረገበና ውሃ ከነካ እዚያው ላይ ትጥልበታለች። የሮቶው ክዳን ደግሞ ነፋስ እንደወሰደው አይቻለሁ፣ ጋሽ ሰብሳቢ፣ እሱ የኮሚቴው ነው። የአበባ ማስቀመጫ ሥር ያለውን ሳህንም አትርሱት፣ አሮጌ ጎማም እንደዚያው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ድንገት ትኩሳት፣ ከዓይን ኋላ የሚወጋ ራስ ምታት፣ የአጥንት ቁርጥማት የያዘው ሰው አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን እንዳይውጥ። ደንጊ ከሆነ ደም ሊያስፈስሰው ይችላል። ፓራሲታሞል ይውሰድ፣ ፈሳሽ ይጠጣ፣ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ወባም ሊሆን ስለሚችል ካልተመረመረ አይታወቅም።

እሺ እትዬ፣ እጅዎን አይቻለሁ፣ ይጠይቁ።

(አንዲት እናት «አንቺ ተኝተሽ ሳለ ልጅ ቢታመምብንስ? እንቀስቅስሽ ወይስ እንፍራሽ?» ብለው ጠየቁ።)

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ነበረበት እንኳ። ሰው ራሱን ከሳተ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ደም አልቆም ካለ፣ ወይም ምጥ ከመጣ በሩን ደብድቡት። በየትኛውም ሰዓት። ጫማ ሳላደርግ እወጣለሁ። ልጁ ትኩሳት ኖሮት ግን የሚጠጣ፣ የሚያናግራችሁ ከሆነ እኔን ለመቀስቀስ ደረጃ አትውጡ፣ ባጃጅ ይዛችሁ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እኔም ብነቃ የምላችሁ እሱኑ ነው። ጡት አልጠባም ያለ ጨቅላ ግን ከመጀመሪያዎቹ ነው የሚቆጠረው፣ ቀስቅሱኝ። እህቴም ቤት ስላለች እሷ ትሰማችኋለች።

በቃኝ። ጋሽ ሰብሳቢ፣ የጥበቃው ደመወዝ አጀንዳ አለ ብለውኛል፣ መድረኩን ወስጄባችኋለሁ። የበርሜል ጨርቅ የምትፈልጉ የአፉን ስፋት በክር ለክታችሁ፣ ክሩ ላይ የቤት ቁጥራችሁን አስራችሁ ለእህቴ ስጧት፤ ያቺው ከኋላ ቀይ ሻሽ ያደረገችው ናት።